48 ወይስ 81? አንድ ቱቦ የኤንዛይሙን ከፍተኛ ፍጥነት እንዴት እንዳዛባ

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ዓመት የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ላብ ውስጥ አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለውን ኤንዛይም ሠራን። ሰብስትሬቱ ፓራ-ናይትሮፌኒል ፎስፌት ነው። በ0.1፣ 0.2፣ 0.5፣ 1 እና 2 ሚሊሞላር ያገኘሁት ፍጥነት በቅደም ተከተል 8፣ 17፣ 30፣ 40 እና 48 ማይክሮሞላር በደቂቃ ነው። 0.1 ላይ ቀለሙ አልታይ ስላለኝ 5 ደቂቃ ጠብቄ ያገኘሁትን ለ5 አካፈልኩት። ሌሎቹን በ1 ደቂቃ ነው ያነበብኩት። የ1/v እና የ1/[S] ግራፍ ስሠራ R² 0.988 ሆነ፤ Vmax ግን 81 መጣ። የለካሁት ትልቁ ፍጥነት 48 ነው፤ 81 ከየት መጣ? የላብ ጓደኛዬ ደግሞ ‹ተሳስተሻል፣ Vmax ግራፉ ላይ ከፍ ብሎ ያለው ነጥብ ነው› ይለኛል። የቱን ልጻፍ?»

ምላሽ፦ 81ንም፣ 48ንም፣ ጓደኛሽ ያለውንም አትጻፊ። በለካሽበት ሁኔታ የኤንዛይምሽ ከፍተኛ ፍጥነት፣ ማለትም Vmax፣ 60 ማይክሮሞላር በደቂቃ አካባቢ ነው። ይህንን ከራስሽ ቁጥሮች ማውጣት ይቻላል። 81ን ያመጣው አንድ ቱቦ ነው፤ 5 ደቂቃ የጠበቅሽው።

በቅድሚያ የጓደኛሽን ነገር እንጨርስ፤ አጭር ነው። በዚህ ግራፍ ላይ ቋሚው ዘንግ ፍጥነትን አያሳይም። የሚያሳየው የፍጥነትን ግልባጭ ነው፤ ማለትም 1 ለፍጥነቱ ሲካፈል የሚገኘውን። ትልቅ ቁጥር ሲገለበጥ ትንሽ ይሆናል፣ ትንሹም ትልቅ። ስለዚህ ግራፍሽ ላይ ከሁሉም ከፍ ብሎ የተቀመጠው 0.125 ከ8 የመጣ ነው፤ ከሁሉም ቀርፋፋው ቱቦሽ ማለት ነው። ፈጣኑ 48 ግን ከታች፣ 0.021 ላይ ነው ያለው። ጓደኛሽ ፍጥነቱን እንዳለ በሚያሳየው ግራፍ ላይ የለመደውን አነባበብ ይዞ ወደዚህኛው መጥቷል።

አሁን ፍጥነቱ ለምን ጣሪያ እንዳለው እንይ፤ 48ን መጻፍ ለምን ስህተት እንደሆነ የሚገባሽ ከዚያ ነው። ሁለት ወፍጮ ያለው የሰፈር ወፍጮ ቤት አስቢ። በማለዳ አንድ ሁለት ሰው ብቻ እህል ይዞ ሲመጣ ወፍጮዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ይፈታሉ። የሚመጣው ሰው እጥፍ ቢሆን በሰዓት የሚወጣው ዱቄትም እጥፍ ይሆናል። የበዓል ሰሞን ግን ወረፋው ከበር ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሃምሳ ሰው ቢመጣ የሚረዝመው ወረፋው ነው፤ በሰዓት የሚፈጨው አይጨምርም። ኤንዛይምም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ የኤንዛይም ሞለኪውል ሰብስትሬቱን የሚይዝበት ቦታ አለው፤ ይይዛል፣ ይለውጣል፣ ይለቃል፣ ሌላ ይይዛል። ሰብስትሬቱ ጥቂት ሲሆን ቦታዎቹ ብዙ ጊዜ ባዶ ናቸው። ሲበዛ ግን አንዱ ሲለቀቅ ሌላው ወዲያው ይገባል፤ ፍጥነቱን የሚወስነውም ኤንዛይሙ አንዱን ሠርቶ ለመልቀቅ የሚፈጅበት ጊዜ ብቻ ይሆናል። ጣሪያው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚያምታታው ነገር አለ። ላብ ውስጥ ሁለት ዓይነት «ጠፍጣፋ» ታያላችሁ። አንደኛው ሰብስትሬቱ ሲጨመር ፍጥነቱ የማይጨምርበት ነው፤ ይህ ሙሌት ነው፣ ወረፋው በዝቷል ማለት ነው። ሁለተኛው በአንድ ቱቦ ውስጥ ጊዜ በሄደ ቁጥር ቀለሙ መጨመሩን እየቀነሰ የሚመጣበት ነው። ይህ ሙሌት አይደለም። በአብዛኛው ምክንያቱ ሰብስትሬቱ እያለቀ መሆኑ ነው፤ በወፍጮ ቤቱ እህሉ ተሟጧል ማለት ነው። ኤንዛይሙ ደክሞ ወይም ተበልቶ አይደለም፤ ኤንዛይም በሥራው አያልቅም። ይህንን ልዩነት ያዢው፤ የአንቺ ችግር የተፈጠረው እዚሁ ላይ ነው።

ወደ 48 እንመለስ። ጣሪያው 48 ቢሆን ኖሮ ከ1 ወደ 2 ሚሊሞላር ስትወጪ ፍጥነቱ እምብዛም ባልጨመረ ነበር። አንቺ ግን ከ40 ወደ 48 ሲወጣ አይተሻል። ገና እየወጣ ነው። የሚካኤሊስ እና የሜንተን ስሌት ይህንን በቁጥር ይናገረዋል፦

```
v = Vmax × [S] / (Km + [S])
```

v ፍጥነቱ ነው፣ [S] ደግሞ የሰብስትሬቱ መጠን። Km ማለት ፍጥነቱ የጣሪያው ግማሽ የሚሆንበት የሰብስትሬት መጠን ነው። በኋላ እንደምናየው የአንቺ 0.5 ሚሊሞላር አካባቢ ነው። በ0.5 ላይ 30 ማግኘትሽን ልብ በይ፤ የ60 ግማሽ ነው። ትልቁ የሞከርሽው 2 ሚሊሞላር የKm 4 እጥፍ ነው። በ4 እጥፍ የሚደረሰው የጣሪያው 4/5ኛ፣ ማለትም 80 በመቶ ላይ ነው። የ60 80 በመቶ ደግሞ 48 ነው። 90 በመቶ ለመድረስ የKmን 9 እጥፍ፣ 4.5 ሚሊሞላር ያስፈልግሻል። 95 በመቶ ለመድረስ 19 እጥፍ፣ 9.5 ሚሊሞላር። አቀበቱ እየላላ ይሄዳል እንጂ ጣሪያውን የሚነካበት ቀን የለም። ለዚህ ነው ከፍተኛው ፍጥነት በቀጥታ የማይለካው፤ በስሌት ይገኛል። ስለዚህ ካየሽው ትልቅ ቁጥር በላይ የሆነ Vmax ማግኘትሽ በራሱ ስህተት አይደለም። የሚያሳስበው ምን ያህል በላይ እንደሆነ ነው።

ሚካኤሊስ እና ሜንተን ሥራቸውን ያሳተሙት በ1913 ነው። ኮምፒዩተር በሌለበት ዘመን የታጠፈ መስመርን በእጅ አስልቶ ጣሪያውን ማግኘት ከባድ ነበር። በ1934 ላይንዊቨር እና በርክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስሌቱን በሁለቱም በኩል ገልብጠው ቀጥ ያለ መስመር አወጡለት። ከዚያ በኋላ ማስመሪያና ስኩዌር ወረቀት ይበቃ ነበር፦

```
1/v = (Km/Vmax) × (1/[S]) + 1/Vmax
```

አነባበቡ እንዲህ ነው። አግድሙ ዘንግ 1/[S] ነው። ሰብስትሬቱ በበዛ ቁጥር 1/[S] ወደ ዜሮ ይጠጋል። ልክ ዜሮ ላይ ሲደርስ ሰብስትሬቱ መጨረሻ የለውም ማለት ነው፤ ኤንዛይሙ ሙሉ በሙሉ የተያዘበት ሁኔታ። ስለዚህ መስመሩ ቋሚውን ዘንግ የሚቆርጥበት ቦታ 1/Vmax ነው። እሱን ስትገለብጪው Vmax ይወጣል። የአንቺ መስመር የሚቆርጠው 0.0123 ላይ ነው፤ 1 ለ0.0123 ሲካፈል 81 ነው። ስሌትሽ ትክክል ነው፤ አነባበብሽም ትክክል ነው። የተሳሳተው መስመሩ ራሱ ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች ስለ አነባበቡ ሁለት ነገር ልጨምር፤ የላብ ሪፖርት ሳርም በተደጋጋሚ ስለሚያጋጥሙኝ። አንደኛ፣ አግድሙ ዘንግ ከዜሮ መጀመሩን አረጋግጡ። ወረቀቱ ከ0.5 ቢጀምርና መስመሩ የወረቀቱን ግራ ጠርዝ የሚነካበትን ብታነቡ፣ በዚህች ተማሪ ግራፍ 0.0177 ታገኛላችሁ፤ ሲገለበጥ 56። ለእውነተኛው የቀረበ ይመስላል፤ ግን በአጋጣሚ ነው፤ መስመሩ 2 ሚሊሞላር ላይ የሚተነብየውን ፍጥነት ነው ያነበባችሁት። ሁለተኛ፣ ከመገልበጣችሁ በፊት ቁጥሩን አታጠጋጉ። 0.0123ን 0.01 ብሎ የጻፈ ሰው 100 ያገኛል። በአንዲት ማጠጋጋት 19 ማይክሮሞላር ከየትም መጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መስመሩ ለምን ተሳሳተ? ነጥቦችሽ አግድሙ ዘንግ ላይ የት እንደተቀመጡ ተመልከቺ፦ 10፣ 5፣ 2፣ 1 እና 0.5። ሦስቱ ከዜሮ አጠገብ ተፋፍገው ቁጭ ብለዋል። የ0.1 ቱቦሽ ግን ብቻውን 10 ላይ ርቆ ቆሟል። ረጅም እንጨት በአንድ ጫፍ ድንጋይ ላይ አስደግፈሽ ሌላውን ጫፍ ስታነሺው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ እሩቅ ያለው ጫፍ ትንሽ ከፍ ሲል የእንጨቱ አቅጣጫ በሙሉ ይቀየራል። ያ ብቸኛ ነጥብ መስመርሽን የሚያነሳው ጫፍ ነው። ከፍ ባለ ቁጥር መስመሩ በዚያ በኩል ይነሳል፤ በዚህ በኩል፣ ዘንጉን በሚቆርጥበት ቦታ፣ ዝቅ ይላል። ቁርጡ ዝቅ ሲል ደግሞ ሲገለበጥ Vmax ያብጣል።

መገልበጡ ራሱ ሌላ ችግር ይጨምራል። በትንሽ ፍጥነት ላይ ያለች ጥቃቅን ስህተት ስትገለበጥ ትገዝፋለች። እኔ ቁጥሮቹን እንዲህ ሞከርኳቸው። Vmax 60፣ Km 0.5 ነው ብዬ አምስቱንም ፍጥነቶች ያለ ስህተት አሰላኋቸው። 0.1 ላይ ልክ 10 ይመጣል። ከዚያ ሌሎቹን ሳልነካ 10ን ብቻ ወደ 9 ቀየርኩት፤ ግራፉ Vmax 68 ነው አለ። 8 ሳደርገው 82፣ 7 ሳደርገው 110 ሆነ። 5 ሳደርገው መስመሩ ቋሚውን ዘንግ ከዜሮ በታች ቆረጠና Vmax ኔጌቲቭ ወጣ፤ ትርጉም የሌለው ቁጥር። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ 0.1ን ወደ 10 መልሼ 48ን ወደ 47 ቀየርኩት። Vmax ከ60 ወደ 59.4 ብቻ ወረደ። ስህተቱ በሁለቱም በኩል አንድ ማይክሮሞላር በደቂቃ ነው። አንዱ Vmaxን በ8 ያንቀሳቅሰዋል፤ ሌላው በ0.6። እንግዲህ ይህ ግራፍ ከሁሉ አብልጦ የሚሰማው ከሁሉ ደካማውን ቱቦሽን ነው።

ታዲያ 10 መምጣት የነበረበት ለምን 8 ሆነ? እጅሽ ተንቀጥቅጦ ወይም ፒፔቱ አስቶሽ ሊሆን ይችላል ብለሽ አትለፊው። መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል፤ 5 ደቂቃ ጠብቀሻል። 0.1 ሚሊሞላር ማለት 100 ማይክሮሞላር ነው። ኤንዛይሙ በደቂቃ 8 እየሠራ 5 ደቂቃ ከቆየ 40 ማይክሮሞላር በልቷል፤ ከነበረው 40 በመቶ ማለት ነው። ሥራው ሲጀመር ቱቦው ውስጥ 100 ነበር፣ ፍጥነቱም 10። 5ኛው ደቂቃ ላይ 60 ብቻ ቀርቷል፤ በ60 ማይክሮሞላር ፍጥነቱ 6.4 አካባቢ ነው። አንቺ የጻፍሽው የዚህን ቁልቁለት አማካይ ነው። ሰብስትሬቱ እየቀነሰ መሄዱን አስገብቼ ለ5 ደቂቃ ሳሰላው አማካዩ 8.1 መጣልኝ። አንቺ 8 ለካሽ። ይህን ያህል ይገጥማል።

በሌሎቹ ቱቦዎች ይህ ችግር የለም ማለት ይቻላል። በ0.2 ላይ በ1 ደቂቃ ያለቀው ከ200 ውስጥ 17 ነው፤ 8.5 በመቶ። በ2 ሚሊሞላር ከ2000 ውስጥ 48፤ 2.4 በመቶ። ስሌቱ የሚፈልገው የመነሻውን ፍጥነት ነው፤ [S] ብለሽ የምትጽፊው መጠን በእውነት ቱቦው ውስጥ ባለበት ሰዓት ያለውን። በተግባር ከሰብስትሬቱ 10 በመቶ ሳያልቅ ማንበብ ያስፈልጋል፤ 5 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። አንቺ 0.1 ብለሽ ያስቀመጥሽው ነጥብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 በታች የኖረ ቱቦ ነው። በዚያ ላይ የዚህ ኤንዛይም ውጤት የሆነው ፎስፌት ራሱ የኤንዛይሙን ቦታ እየተሻማ ሥራውን ያዘገያል፤ ስለዚህ በቆየሽ ቁጥር ሁለት ነገር ይጎትትሻል።

የሚያሳዝነው፣ መጠበቁ አያስፈልግም ነበር። «ቀለሙ አልታይ አለኝ» ያልሽው በዓይንሽ ነው። ስፔክትሮፎቶሜትሩ ግን ያየዋል። በአልካላይን ፈሳሽ ውስጥ የሚወጣው ቢጫ ናይትሮፌኖል በ405 ናኖሜትር ብርሃንን በጣም ይውጣል፤ 1 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ኪዩቬት 1 ሞላር 18,000 አካባቢ አብዞርባንስ፣ ማለትም የተዋጠው ብርሃን መለኪያ፣ ይሰጣል ተብሎ ነው የሚሰላው። 10 ማይክሮሞላር ሲሆን 0.18 አብዞርባንስ ነው። ለዓይን ፈዛዛ ቢሆንም ለመሣሪያው በቂ ንባብ ነው። 1 ደቂቃው በደንብ ይበቃሽ ነበር።

R² ነጥቦቹ ለመስመሩ ምን ያህል እንደቀረቡ የሚናገር ቁጥር ነው፤ 0.988 ስለሆነ ግራፉ ጥሩ ነው ብለሽ ማሰብሽን እረዳዋለሁ፤ ግን እዚህ ላይ R² አያድንሽም። ብቻውን ርቆ የቆመ ነጥብ ሲኖር መስመሩ በእሱና በተፋፈጉት መካከል ስለሚዘረጋ R² በቀላሉ ወደ 1 ይጠጋል። የተሻለ ፈተና አለ። ከመስመሩ ያገኘሻቸውን Vmax እና Km ይዘሽ ወደ መጀመሪያው፣ ወዳልተገለበጠው ስሌት ተመለሺ። መስመርሽ የሚለው Vmax 81፣ Km 0.89 ነው። በእነዚህ ሲሰላ በ0.1 ሚሊሞላር 8.2 ይተነብያል፤ አንቺ 8 ለካሽ፣ ጥሩ። በ1 ሚሊሞላር 43 ይላል፤ 40 ለካሽ። በ2 ሚሊሞላር 56 ይላል፤ የለካሽው 48 ነው። አየሽ? መስመሩ ደካማውን ቱቦ ሲያስደስት ከሁሉ የምታምኚውን ቱቦ በ8 ስቶታል። ይህንን ፈተና ከሠራሽ ማንም ሳይነግርሽ 81ን ትጥይዋለሽ።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? የእኔ ምክር ግልጽ ነው። የተገለበጠውን ግራፍ ለማሳየት ሥሪው፤ Vmaxን ግን ከእሱ አታንብቢ። ቁጥሩን ካልተገለበጡት ፍጥነቶች አውጪ። ኤክሴል ይበቃል። የሰብስትሬት መጠኖቹን ከA2 እስከ A6፣ ፍጥነቶቹን ከB2 እስከ B6 አስገቢ። E1 ላይ ለVmax፣ E2 ላይ ለKm መነሻ ግምት ጻፊ፤ 50 እና 1 ቢሆኑ ምንም አይደለም። ከዚያ፦

```
C2:  =$E$1*A2/($E$2+A2)
E3:  =SUMXMY2(B2:B6,C2:C6)
```

C2ን እስከ C6 ቅጂው። E3 ላይ የሚወጣው በለካሽውና በተሰላው መካከል ያለው ልዩነት ካሬ ድምር ነው። ከዚያ `Solver` የሚለውን ከፍተሽ E1ንና E2ን እየቀያየረ E3ን ትንሹ እንዲያደርገው እዘዢው። `Solver` ካልታየሽ ከ`Add-ins` ውስጥ ማብራት ነው። የአንቺን አምስት ቁጥሮች፣ የተበላሸውን 8 ሳላወጣ፣ እንዳሉ ሳሰላቸው Vmax 61፣ Km 0.54 አካባቢ ነው የሚወጣው። ያው ስህተት፣ ያው ቱቦ፣ ግን ጉዳቱ አንድ ማይክሮሞላር ብቻ። ምክንያቱም እዚህ ላይ 8 በ10 ፈንታ መግባቱ የሁለት ስህተት ብቻ ነው፤ ተገልብጦ አልገዘፈም።

ኮምፒዩተር የሌለበት ፈተና ላይ በእጅ ሥሪ ቢሉሽ ሌላ ቀጥታ መስመር አለ። በቋሚው ዘንግ [S]/v፣ በአግድሙ ደግሞ [S] አድርጊ። እዚህ ላይ ርቆ የሚቆመው የ2 ሚሊሞላሩ ቱቦ ነው፤ ደካማው ቱቦ ብቻውን ርቆ አይቆምም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ እዚህኛው ላይ 1/Vmaxን የምታገኚው ከስሎፑ ነው፤ ዘንጉን ከሚቆርጥበት አይደለም። በአንቺ ቁጥሮች Vmax 63፣ Km 0.59 ይሰጣል። ከ61 ትንሽ ይርቃል፤ ከ81 ጋር ግን አይወዳደርም።

ሆኖም ጥሩ ስሌት መጥፎ ልኬትን ሙሉ በሙሉ አያክመውም። ላብ ውስጥ ጊዜ ከሰጡሽ የ0.1ን ቱቦ ድገሚው። በ1 ደቂቃ ውስጥ በየ10 ሴኮንዱ አንብቢና የመጀመሪያውን ቀጥ ያለ ክፍል ስሎፕ ውሰጂ። ከዚያ ይልቅ የሚጠቅምሽ ግን በላይኛው በኩል መጨመር ነው። 4 እና 8 ሚሊሞላር ሥሪ፤ 53 እና 56 አካባቢ መጠበቅ ትችያለሽ። እነዚህ ሁለት ነጥቦች ስለ ጣሪያው ከማንኛውም ሌላ ቱቦ በላይ ይነግሩሻል፤ ጣሪያው አጠገብ ናቸውና። እያንዳንዱን መጠን ሦስት ጊዜ ሥሪ። ከፍተኛዎቹ መጠኖች ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ይህ ሰብስትሬት ሲቆይ ያለ ኤንዛይምም በራሱ ትንሽ ይበጠሳል፣ ፈሳሹም ቢጫ ይላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መጠን ኤንዛይም የሌለበት የራሱ ብላንክ ያስፈልገዋል። ለሁሉም አንድ ብላንክ ከተጠቀምሽ 8 ሚሊሞላሩ ቱቦ ሲጀመር ጀምሮ የራሱ ያልሆነ ቀለም ይዞ ይነበባል።

በአነስተኛ መጠን ላይ ሰብስትሬቱ ቶሎ አለቀብኝ ካልሽ ጊዜውን ከማራዘም ይልቅ ኤንዛይሙን ቀንሺ። ግማሽ ኤንዛይም ብትጠቀሚ ሁሉም ፍጥነቶች በግማሽ ይወርዳሉ፤ Vmax 30 ይሆናል፣ Km ግን 0.5 ላይ ይቆያል። ይህ የVmaxን ትልቅ ገደብም ያሳይሻል። Vmax ቱቦው ውስጥ ባስገባሽው የኤንዛይም መጠን፣ በሙቀቱና በፒኤቹ ላይ የተንጠለጠለ ቁጥር ነው፤ የአልካላይን ፎስፋቴዝ ቋሚ መለያ አይደለም። ሌላ ቡድን 120 ቢያገኝ ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ እጥፍ ኤንዛይም ጨምሮ ይሆናል። ስለዚህ 60 ብለሽ ብቻ ብትጽፊ አንባቢው ምንም ሊያደርግበት አይችልም።

አንድ ገደብ ልጨምር። ይህ ሁሉ የሚሠራው ኤንዛይሙ የሚካኤሊስ እና የሜንተንን ስሌት የሚከተል ከሆነ ነው። አንዳንድ ኤንዛይም ሰብስትሬቱ ከመጠን ሲያልፍ ራሱ ሰብስትሬቱ ያፍነዋል፤ በተገለበጠው ግራፍ ላይ ነጥቦቹ ቋሚው ዘንግ አጠገብ ሲደርሱ ወደ ላይ ይታጠፋሉ። ሌሎች ደግሞ ብዙ ክፍል ያላቸው ሆነው አንዱ ክፍል ሲይዝ የሌላውን አያያዝ ይለውጣሉ፤ የእነሱም መስመር ቀጥ አይልም። ነጥቦቹ ሲታጠፉ ካየሽ ማስመሪያ አታስቀምጪባቸው፤ ከዚያ መስመር የሚነበብ Vmax የለም። መታጠፉን በዓይን ለማየትና የአጋጅ ንጥረ ነገሮችን ዓይነት ለመለየት የተገለበጠው ግራፍ አሁንም ጎበዝ ነው። ለምሳሌ አጋጁ ቦታውን ከሰብስትሬቱ ጋር የሚሻማ ከሆነ ያለ አጋጅና ከአጋጅ ጋር የተሠሩት መስመሮች ቋሚውን ዘንግ አንድ ቦታ ላይ ይቆርጣሉ፤ በቂ ሰብስትሬት ሲኖር ጣሪያው አይቀየርምና። ይህን በአንድ እይታ ያሳየሻል።

ላብ መድገም ካልተፈቀደልሽ እንዲህ አድርጊ። አምስቱንም ቁጥሮች ሰንጠረዡ ላይ አስቀምጪ፤ 8ን አታጥፊው፣ ወደ 10ም አትለውጪው። አጠገቡ ምልክት አድርገሽ «በ5 ደቂቃ የተነበበ፣ 40 በመቶ ሰብስትሬት ያለቀበት» ብለሽ ጻፊ። ከስሌቱ ግን አውጪው፤ የምታወጪውም ግራፉን ስላበላሸ አይደለም፤ የተለካበት መንገድ ከሌሎቹ ስለተለየ ነው፤ ምክንያቱን ከጻፍሽ ማንም አይቃወምሽም። የቀሩትን አራት ነጥቦች በተገለበጠው ግራፍ እንኳ ብትሠሪያቸው Vmax 60፣ Km 0.51 ይመጣል። ከዚያ በሪፖርቱ ላይ «Vmax 60 ማይክሮሞላር በደቂቃ» ካልሽ በኋላ የተጠቀምሽውን የኤንዛይም መጠን፣ ሙቀቱንና ፒኤቹን ጨምሪ፤ የሞከርሽው ትልቁ መጠን ከጣሪያው 80 በመቶ ላይ እንዳደረሰሽም አብረሽ ጻፊው።